11 ጊዜ የደወልኩለት ማታ

ባለቤቴ የሚሠራው ኮምቦልቻ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቤታችን ደሴ ነው። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ጠዋት በሚኒባስ ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰዓት ላይ ቤት ይገባል።

ያን ቀን አንድ ሰዓት አለፈ። ደወልኩ፣ አላነሳም። ደገምኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ሲከፍት 11 ጊዜ ደውዬ ነበር። ሌሊቱን መውጣት ያለበት የጭነት መኪና ገጥሞት ከሥሩ ተኝቶ ሲፈታ ነው ያመሸው። ስልኩ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ይሄን የሰማሁት ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ገና ከመግባቱ "ለምን እዛው አታድርም ነበር?" አልኩት። ራቱን አቀረብኩና ጀርባዬን ሰጠሁት። እሱም አንድ ቃል ሳይመልስ ወደ ግቢ ወጣ። የውሃ ቧንቧ ሊጠግን! በደሴ ብርድ፣ በሦስት ሰዓት ሌሊት።

በትዳራችን የመጀመሪያ አራት ዓመታት ይሄ ማታ በየወሩ እየተመላለሰ መጥቷል። ምክንያቱ ይለያያል፣ መልኩ ግን አንድ ነው። እኔ እጠጋለሁ፣ እሱ ይርቃል። እሱ ሲርቅ እኔ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ድምፄ ሲጨምር እሱ ጭራሽ ይጠፋል። እኔ "አይወደኝም" እያልኩ አለቅሳለሁ። እሱ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ "ምንም ባደርግ አይበቃትም" እያለ ተስፋ ይቆርጣል። ልንፋታ ተቃርበን ነበር። ይሄን የምጽፈው እንደኛ እየተዋደዱ የሚጎዳዱ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌዎቹ ደጎች ነበሩ። "ቻይው፣ ወንድ ልጅ ሥራ ይዞት ነው" አሉኝ። እሱንም "ስልክህን አንሳ" አሉት። ለሁለት ሳምንት አነሳ። ከዚያ ተመለስን። አሁን ሳስበው ምክሩ ስህተት አልነበረም። የስልኩን ነገር ነካ እንጂ ከስልኩ ሥር ያለውን አልነካም።

ከዚያ አንዲት ጓደኛዬ እዚሁ ደሴ ወደምትሠራ የሥነ ልቦና አማካሪ ወሰደችኝ። ብቻዬን ነበር የሄድኩት፣ እሱ እምቢ ብሎ። ለአንድ ሰዓት ያህል የእሱን ጥፋት ዘረዘርኩ። አማካሪዋ ዝም ብላ ሰማችኝ። ስጨርስ "አብሽሪ እህቴ" አለችኝ፤ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር ሰውነትሽ ምን ይሆናል?" ይሄን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደረቴ እንደሚጨመቅ፣ እጄ እንደሚቀዘቅዝ፣ ሌላ ምንም ነገር ማሰብ እንደማልችል ነገርኳት። "ይሄ ንዴት አይደለም፤ ፍርሃት ነው" አለችኝ።

ከዚያ ስለ ቁርኝት ነገረችኝ። እንደገባኝ ላስረዳችሁ።

ልጅ ሲፈራ ወይም ሲያመው ወደሚንከባከበው ሰው ይጠጋል። ቁርኝት የሚባለው ይሄ ትስስር ነው። ይሄን ሐሳብ ያስፋፋው ጆን ቦውልቢ የተባለ እንግሊዛዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ነው። ሜሪ ኤንስዎርዝ የምትባል ተመራማሪ ደግሞ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ሄዳ በመንደር የሚኖሩ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው እየዞረች አየች። በኋላ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙከራ አዘጋጀች። አንድ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ከእናቱ ጋር መጫወቻ ያለበት ክፍል ይገባል። እናት ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች። ከዚያ ትመለሳለች። ዋናው የሚታየው ልጁ እናቱ ስትሄድ ማልቀሱ አልነበረም፤ ስትመለስ የሚያደርገው ነው።

አንዳንዱ ልጅ ያለቅሳል፣ እናቱ ስታቅፈው ይረጋጋል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ይሄ የተረጋጋ ቁርኝት ነው። ሌላው ልጅ ይጣበቅባታል፣ ግን አይጽናናም፤ እያቀፈችው ይገፈትራታል፣ እንደገና ይይዛታል። ስጋት ያለበት ቁርኝት ይሉታል። ሦስተኛው ልጅ እናቱ ስትመለስ ዞር ብሎ አያያትም። መጫወቻውን ይነካካል። ምንም ያልተሰማው ይመስላል። ይሄ ራቅ የሚል ቁርኝት ነው። አራተኛም አለ፤ መጠጋቱን የሚፈልግም የሚፈራም። እሱ ብዙ ጊዜ ከከባድ ፍርሃት ጋር ስለሚያያዝ በባለሙያ እርዳታ ቢታይ ይሻላል። እዚህ አልገባበትም።

እኔን የለወጠኝ አማካሪዋ ቀጥላ የነገረችኝ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች በኋላ የእነዚያን ምንም ያልመሰላቸውን ልጆች የልብ ምት ለኩ። ልባቸው በፍጥነት ይመታ ነበር። ፊታቸው ዝም ብሏል፣ ውስጣቸው ግን ተጨንቋል።

በዚያች ቅጽበት በብርድ ቧንቧ የሚጠግነው ባለቤቴ ትዝ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ "ድንጋይ ነው" ስለው ነበር።

በ1987 እ.ኤ.አ. ሲንዲ ሀዛንና ፊሊፕ ሼቨር የተባሉ ተመራማሪዎች ይሄው ነገር በአዋቂዎች ፍቅር ውስጥም እንደሚታይ ጻፉ። በጋዜጣ ባወጡት መጠይቅ ከመለሱት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የተረጋጉ ነበሩ። ቀሪዎቹ ስጋት ባለበትና ራቅ በሚለው ቁርኝት መካከል ተከፋፈሉ። እንደኔና እንደሱ ያሉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም ማለት ነው። ደግሞ እነዚህ ስሞች የደም ዓይነት አይደሉም። አንድ ሰው ትንሽም ብዙም ስጋት ሊኖረው ይችላል፣ ትንሽም ብዙም ሊርቅ ይችላል። ከአንዱ ሰው ጋር ተረጋግቶ ከሌላው ጋር ሊሰጋም ይችላል።

የኔን ስጋት ከየት እንዳመጣሁት ለማግኘት ሩቅ አልሄድኩም። እናቴ ለሥራ ሳዑዲ ስትሄድ አምስት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ ሐይቅ ከተማ ያለችው አያቴ ናት። እናቴ አንዳንዴ በየሳምንቱ ትደውላለች፣ አንዳንዴ ሁለት ወር ትጠፋለች። አሠሪዎቿ ስልክ የሚሰጧት ሲፈልጉ ነበር፤ እኔ ግን ይሄን አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነበር። ስልኩ ላይ በጣም ካለቀስኩ ትንሽ ትቆይልኛለች። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዳንዴ እያለቀስኩ ይቋረጣል። አንዴ የሚሠራ፣ አንዴ የማይሠራ ነገር ሰውን እንዴት እንደሚይዘው አማካሪዋ ስትነግረኝ አለቀስኩ። ሁልጊዜ ቢሠራ እረጋጋ ነበር። ጭራሽ ባይሠራ እተወው ነበር። አንዳንዴ ስለሚሠራ ነው በኃይል የማለቅሰው።

ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እናቴ ያደረገችው ለኔ ነው። አያቴም እቅፏ የማይጎድል ሴት ነበረች፤ ዛሬ ያለኝ እርጋታ ከእሷ ያገኘሁት ይመስለኛል። ልጅነት ደግሞ ብቻውን አይወስንም። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስልክ ተቋርጦ ባለቤቴ የት እንዳለ ሳላውቅ ቀናት አሳልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ የማይነሳ ስልክ ለኔ ተራ ነገር አልሆነም። ወሎ ውስጥ እንደኔ የሆነው ሰው ብዙ ነው።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ከአማካሪዋ ዘንድ የተመለስኩ ማታ ቤት ገብቼ "አንተ ራቅ የሚል ሰው ነህ፣ በሽታህ ታወቀ" አልኩት። ከኢንተርኔት ያገኘሁትን መጠይቅ በእሱ ፋንታ ሞልቼ ውጤቱን አሳየሁት። ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም። እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። የቁርኝት ስም ራስን ለመረዳት ይጠቅማል። ወደ ሌላው የተወረወረ ቀን ግን ከስድብ አይለይም። ለራቅ ባይ ሰው ደግሞ "ጎዶሎ ነህ" ማለት እንዲርቅ የሚያደርገው ዋናው ነገር ነው።

አማካሪዋ ይሄን ስነግራት አልተቆጣችም። "እሱን ተይው። ፍቅር ሲሰጥሽ እንዴት እንደሚሰጥ ለአንድ ሳምንት ብቻ አይተሽ ጻፊ" አለችኝ። ምንም የምጽፈው የሚኖር አልመሰለኝም ነበር። ሰኞ ጠዋት ከኔ ቀድሞ ተነስቶ የመታጠቢያ ውሃ አሙቆ አገኘሁ። ለካ አራት ዓመት ሙሉ ሲያሞቅ ነበር። ማክሰኞ የተላቀቀውን የጫማዬን ሶል ሳይነግረኝ አስጠግኖ አመጣ። ሐሙስ የከሰል ምድጃዬን እግር በየደው። በሳምንቱ መጨረሻ ወረቀቱ ሞላ። "እወድሻለሁ" የሚል ቃል ግን አንድም የለበትም። የሚሰጠው ቃል በማያስፈልግበት፣ ፊት ለፊት በማይተያዩበት መንገድ ነው። እኔ ደግሞ የምጠብቀው በቃልና በመተቃቀፍ ነበር። ሌላው ሁሉ ለኔ አይቆጠርም ነበር።

መቀበል ላይ ደግሞ ሁለታችንም እንቸገራለን። በተለያየ መንገድ ነው እንጂ። እኔ ስቀበል አይረጋልኝም። "ናፍቀሽኛል" ሲለኝ "ከልብህ ነው?" እላለሁ። "አዎ" ሲል "ታዲያ ለምን አልደወልክም?" እላለሁ። የሰጠኝን እዛው እፈትነዋለሁ። እሱ ሲቀበል ደግሞ ዕዳ ይሆንበታል። አንድ ቀን ምሳ ቋጥሬ ኮምቦልቻ ወረድኩ። "ምን አስቸገረሽ?" አለኝ ፊቱ ቀልቶ። ማታ የምሳውን እጥፍ የሚያወጣ ፍራፍሬ ገዝቶ መጣ። ታይፎይድ ይዞት የተኛ ጊዜም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ "ደህና ነኝ፣ ሂጂ" ይለኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በእኛ አገር ባል ሚስቱን ሰው ፊት አለማቀፉ፣ "እወድሻለሁ" አለማለቱ ባህል ነው፤ መራቅ አይደለም። ልዩነቱ የሚታወቀው በጭንቅ ሰዓት ነው። ስታመሚ፣ ስትፈሪ፣ ስታዝኚ ይጠጋል ወይስ ይሸሻል? እሱ ራሱ ሲታመም ያስጠጋሻል ወይስ ግድግዳ ያያል? ቁርኝት ራሱን የሚያሳየው ደህና ቀን ላይ አይደለም።

ከዚያ ሦስት ነገር መለማመድ ጀመርን። ሦስቱም ትንንሽ ናቸው።

የመጀመሪያው ስልኩ ነው። ቁጭ ብለን፣ ሳንጣላ፣ በቡና ሰዓት ተነጋገርን። "ለምን አታነሳም?" አላልኩትም። "አንድ ሰዓት አልፎ ድምፅህ ሲጠፋ የጦርነቱ ሰሞን ይመጣብኛል" አልኩት። ይሄን ነግሬው አላውቅም ነበር። እሱ "እጄ ዘይት ሆኖ ማውራት አልችልም፤ አንድ ቃል ግን እልካለሁ" አለ። ተስማማን። የሚያመሽ ከሆነ አንድ ሰዓት ላይ "ሥራ" ብሎ ይልካል፤ በቃ። እኔም አልደውልም። ይሄ አንድ ቃል ከብዙ መሐላ በላይ አረጋጋኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስጋቴ የመጣው ፍቅር ስለጠፋ አልነበረም፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ነው። መድኃኒቱም ትልቅ ስጦታ ሳይሆን ሰዓቱን የሚጠብቅ ትንሽ ነገር ሆነ። መልእክቱን የረሳባቸው ቀናትም ነበሩ። ያኔ የምልከው "መሽቷል፣ ሰግቻለሁ፣ ሲመችህ ደህና ነኝ በለኝ" የሚል ነው። ድሮ ቢሆን "ሞተህ ነው?" ነበር የምለው። የሁለቱም ትርጉም አንድ ነው፤ ለሁለተኛው ግን ማንም ተጠግቶ አይመልስም።

ሁለተኛው ጠቡ ሲግል መለያየት ነው። ይሄ በጣም ከበደኝ። ሰው ሲግል ሰውነቱ እስኪበርድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል አለችን አማካሪዋ። (በዚህ ጊዜ እሱም አብሮኝ መምጣት ጀምሮ ነበር። "ራቅ የሚል ሰው ነህ" ማለት ያቆምኩ ሰሞን ራሱ "እኔም ልምጣ?" አለኝ።) ደንቡ ይሄ ነው። የሚወጣው ሰው የሚመለስበትን ሰዓት ተናግሮ ይወጣል፤ ሳይጠራም ራሱ ይመለሳል። የመጀመሪያ ጊዜ "ግማሽ ሰዓት" ብሎ ወጣ። እኔ በ10 ደቂቃ ተከትዬው ግቢ ወጣሁና አበላሸሁት። በሌላ ቀን ደግሞ እሱ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰደውና ሳይመለስ ቀረ። ለኔ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ከዚያ በኋላ ስልኩ ላይ ደወል መሙላት ጀመረ። ደወሉ ሲጮህ ይመለሳል፣ ባይረጋጋም እንኳ "ገና ነኝ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት" ይለኛል። ዋናው መውጣቱ አይደለም። መመለሱ ነው። እናቱ ስትመለስ ልጁ የሚሆነውን አስታውሱ። በየመመለሱ ሰውነቴ ትንሽ ትንሽ እየተማረ ሄደ። ወደ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል።

ሦስተኛው መቀበልን መለማመድ ነው። እኔ አንድ ጥሩ ነገር ሲለኝ "እሺ" ብዬ ዝም እላለሁ። ሁለተኛውን ጥያቄ እውጠዋለሁ። እሱ ደግሞ አንድ ነገር ሳደርግለት "አመሰግናለሁ" ብቻ ይላል፣ በዚያው ቀን በምላሹ ምንም አይገዛም። ቀላል ይመስላል። ለእሱ ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ያለ ምላሽ መቀበል ትልቅ ሥራ ነበር።

ይሄ ሁሉ ደህና እየሄደ አባቱ አረፉ። ደላንታ ሄደን ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። እሱ እንግዳ ያስተናግዳል፣ ውሃ ያቀርባል፣ አያለቅስም። ወደ እሱ ስጠጋ "ሂጂ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪ" ይለኛል። የድሮው ጭንቀት ተመለሰብኝ። "በዚህ ቀን እንኳ ካልፈለገኝ መቼ ሊፈልገኝ ነው?" አልኩ በውስጤ። ከዚያ ያ የልብ ምት ትዝ አለኝ። ጥያቄ ሳልጠይቅ፣ እንባ ሳልጠብቅ፣ በሦስተኛው ማታ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። አልነካሁትም። ብዙ ቆየን።

ከዚያ ራሱ ጀመረ። ሰባት ዓመት ሲሞላው ለትምህርት አጎቱ ቤት ተላከ። መጀመሪያው ሳምንት በየማታው ያለቅስ ነበር። አጎቱ "የሚያለቅስ ልጅ ለበዓል አገሩ አይሄድም" አሉት። በማግስቱ አቆመ። ለበዓሉም ሄደ። "ከዚያ ወዲህ ማልቀስ እንዴት እንደሆነ ጠፋኝ" አለኝ። እኔ እናቴን በልቅሶ ነበር የማቆያት። እሱ ወላጆቹን የሚያገኘው ልቅሶውን ደብቆ ነው። ሁለታችንም የምንወዳቸው ሰዎች እንዳይርቁ የቻልነውን አድርገናል። ያ ዘዴ ግን ለትዳራችን አልሆነም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ሁለቱም ሰዎች ክፋት በሌላቸው ጊዜ ነው። የሚመታሽን፣ ገንዘብሽንና ስልክሽን የሚቆጣጠርሽን፣ ሊቀጣሽ ብሎ ለሳምንታት ዝም የሚልሽን ሰው "ራቅ የሚል ቁርኝት ስላለው ነው" ብለሽ አትታገሺው። ያ የቁርኝት ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ ደህንነትሽን አስጠብቂ። ወንዶችም እንዲሁ፤ የምትሰድብህንና የምታዋርድህን ሰው በስጋት ስም አትሸከም። ደግሞም አንዱ ብቻ ተለማምዶ ሌላው ጨርሶ እምቢ ካለ፣ የሚለወጠው የራስህ ወይም የራስሽ ግማሽ ብቻ ነው። እኔ ብቻዬን በሄድኩባቸው ወራት የተሻለው ያ ግማሽ ነበር። እሱም ቢሆን እንቅልፍ ሰጥቶኛል።

ባለፈው ሐሙስ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ "ሥራ" የሚል መልእክት ደረሰኝ። ወጡን ከከሰሉ ላይ አወረድኩ። ደረቴ ትንሽ ጨነቀው፤ አሁንም ይጨንቀዋል። አልደወልኩም። ሦስት ሰዓት ላይ ገባ። "መኪናው ተነሳ?" አልኩት። ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠና የአንድ ሲኖትራክ ካምቢዮ እንዴት እንዳስቸገረው፣ የትኛው ጥርስ እንደተበላ፣ መለዋወጫው እንዴት እንደጠፋ ይነግረኝ ጀመር። ከካምቢዮው ግማሹ አልገባኝም። ወጡ እስኪሞቅ ድረስ ሲያወራኝ ቆየ።